የቀሚሱ ስም ስልክ ላይ ሲቆረጥ የትኛው ቃል ይቅደም?

በመድረኩ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ያላት፣ በድረ ገጽም የምትሸጥ እኅት ናት። የልብሶቿ ርእስ በኮምፒውተር ላይ ሙሉው ይነበባል። በስልክ ላይ ግን ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚደረደሩ ከየፎቶው ሥር ሁለት ጠባብ መስመሮች ብቻ ይታያሉ፤ ቀሪው በሦስት ነጥብ ተውጦ ይቀራል። ገዢዎቿ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በስልክ የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ የትኛው ቃል ቢቀድም ይሻላል ብላ ጠየቀች፤ ለናሙናም ይህን ርእስ አቀረበች፦

```
በእጅ የተጠለፈ ውብ ዘመናዊ ለሠርግና ለበዓል የሚሆን ነጭ የመነን የሐበሻ ቀሚስ ከነጠላ ጋር
```

በስልኳ ላይ የሚታየው ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```
በእጅ የተጠለፈ ውብ
ዘመናዊ ለሠርግና ለበዓ…
```

ቀሚስ የሚል ቃል አልወጣም። ጨርቁም ቀለሙም የለም። የትራስ ልብስ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም።

ክሩ ሰፍቶ ስለሄደና ከመሀል የገባ ሰው ማን ለማን እንደሚመልስ ስለሚጠፋው፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሣሁ እተርካለሁ። የምስጋናና የሰላምታ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።

1ኛው መልስ የሰጠችው ሴት ትሕትና የተላበሰች ናት። መጀመሪያ ስለ ልብሶቹ አመሰገነች፤ ከዚያም «ውብ» እና «ዘመናዊ» የሚሉት ይውጡ አለች። አስቀያሚ ቀሚስ እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ ስለሌለ ቃላቱ አንዱን ልብስ ከሌላው አይለዩም፤ የሚይዙት ቦታ ግን ውድ ነው። በዚህ የተከራከራት አልነበረም፤ በክሩ ውስጥ ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

2ኛው ከቨርጂኒያ የሚጽፍ ወንድም ነው፤ ኢቤይ ላይ ያገለገሉ ልብሶችን ይሸጣል። ነገሩ ቀላል ነው ባይ ነው፦ 80 ፊደል ተፈቅዶልሻል፣ ሙሉውን ተጠቀሚበት፣ የአምራቹን ስም አስቀድሚ፣ ከዚያ የልብሱ ዓይነት፣ ልኩ፣ ቀለሙ ይከተል። እንደ አብነት ያስቀመጠው የራሱን ነው፦

```
Levi's 501 Jeans Mens 34x32 Dark Blue
```

ግማሽ እውነት አለው። የእሱ ገዢ የሚፈልገው 501 የሚለውን ቁጥር ነው፤ ስሙን አይቶ ይጫናል። የሽሮ ሜዳን ቀሚስ የሚፈልግ ገዢ ግን የሸማኔውንም የሱቁንም ስም አያውቅም። ይህን የነገረው 3ኛው መልስ ነው፤ ሳይጠየቅም አንድ ጉድ አወጣ። የእኅታችንን ድረ ገጽ ከፍቶ አይቶ ኖሮ፣ በአንዳንድ ልብሶች ላይ የሱቋ ስም ከርእሱ ፊት ተለጥፎ የመጀመሪያውን መስመር ሙሉ በሙሉ እንደበላ ጠቆማት። ሰውዬው ሱቅሽ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ሳለ ለምን የሱቅሽን ስም ትነግሪዋለሽ ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ የሱቁ ስም የገጹ አናት ላይ ተጽፏል።

4ኛውን የጻፈችው ድረ ገጽ መሥራት ሙያዋ የሆነ ሴት ናት፤ ክሩ ቁም ነገር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። 80 የሚለው ቁጥር መጻፍ የሚቻለው ጣሪያ እንጂ የሚታየው መጠን አይደለም ብላ 2ኛውን አረመች። ስልክ ፊደል አይቆጥርም፤ ስፋት ነው የሚለካው። ርእሱን የሚቆርጠውም አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ውስጥ የተጻፈ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነው፦

```css
.product-title {
  display: -webkit-box;
  -webkit-line-clamp: 2;
  -webkit-box-orient: vertical;
  overflow: hidden;
}
```

ሁለት መስመር ካለቀ በኋላ ያለው ይደበቃል፤ ቃል መሀል ላይ ቢሆንም አይምርም። «ለበዓል» ብሎ የጀመረው «ለበዓ…» ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥላም የእኛ ፊደል ሰፊ መሆኑን አስታወሰች። በአንድ መስመር ውስጥ የሚገባው የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ በቁጥር ያነሰ ስለሆነ፣ ለእንግሊዝኛ የተነገረ ልክ ለአማርኛ አይሠራም። ፊደሎቹ እርስ በርሳቸውም እኩል አይደሉም፤ ባለ ሦስት እግሩ «ሐ» እና «ጠ» ከ«ነ» እና ከ«ቀ» የበለጠ ቦታ ይይዛሉ። በእኅታችን ገጽ ላይ ስትለካው በአንድ መስመር ክፍተቱን ጨምሮ ወደ 15 ፊደል ይገባል፤ ሁለቱ መስመር 30 ግድም መሆኑ ነው። የገጹ ሠሪ ቁጥሩን ወደ 3 ቢያሳድገው አንድ መስመር ይገኛል፤ ነገር ግን ፎቶዎቹ ወደ ታች እየተገፉ በአንድ እይታ የሚታየው ልብስ እንደሚያንስ አስጠነቀቀች።

በ5ኛው መልስ በጋዜጣ አርታኢነት የሠሩ አዛውንት ገቡ። በጠባብ ዓምድ ላይ ርእስ ማስገባት የኖሩበት ሥራ ነውና ሌሎቹ ያላዩትን አዩ። ችግሩ የቃላት ብዛት ብቻ አይደለም አሉ፤ አማርኛ ገላጩን ሁሉ አስቀድሞ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣል። በእጅ የተጠለፈ፣ ለሠርግ የሚሆን፣ ነጭ፣ የመነን እያለ ይሄድና ነገሩ ምን እንደሆነ የሚነግረን ከሁሉ በኋላ ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን ቅጽል ያስቀድማል፤ ግን ረጅሙን ማብራሪያ ከስሙ በኋላ መጣል ይችላል። እኛ «ለሠርግና ለበዓል የሚሆን» የሚለውን ከነጓዙ ከፊት እናስቀምጠዋለን። መቀሱ ደግሞ ከኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰዋስውን የጠበቀ ረጅም የአማርኛ ርእስ ስልክ ላይ ሁልጊዜ የሚያጣው ዋናውን ቃል ነው።

ከዚህ የከፋም እንዳለ አሳዩ። «የሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ» የሚለው ሦስተኛው ቃል ላይ ቢቆረጥ የተለየ ዕቃ ይሆናል፤ የሚታየው «የሐበሻ ቀሚስ…» ነውና። የቀረው ትርጉም ጎደሎ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ይኸኛው ግን ውሸት ነው።

6ኛዋ ይህ የደረሰባት ገዢ ናት፤ ከሮም ነው የምትጽፈው። ለእኅቷ ልጅ ክርስትና ብላ ርካሽ ያገኘችውን ቀሚስ አዘዘች። ጥቅሉ ሲደርስ ያልተሰፋ ጨርቅ ከነጥለቱ ታጥፎ ወጣ። ሻጩ ርእሱ ላይ ተጽፏል ብሎ ሞገታት፤ በኮምፒውተር ስታየው እውነትም ተጽፏል። ፎቶው ደግሞ ከዚያው ጨርቅ ተሰፍቶ የተለበሰ ቀሚስ ነበር። የሮም ልብስ ሰፊ ያስከፈላት ከጨርቁ ዋጋ እንደሚበልጥ ጽፋ በምሬት ደመደመች። አርታኢው የተናገሩት ነገር ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

7ኛው፣ በጣም የተቻኮለ ወጣት፣ እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ አለ። ስሙን አስቀድሞ ሌላውን በነጠላ ሰረዝ እየለየ ከኋላ መደርደር ነው፦

```
የሐበሻ ቀሚስ፣ መነን፣ ነጭ፣ ወርቃማ ጥልፍ፣ ከነጠላ ጋር፣ ለሠርግ
```

ከ4ኛው ልኬት ጋር ቢያስተያዩት በስልኩ ላይ እንዲህ ነው የሚወጣው፦

```
የሐበሻ ቀሚስ፣ መነን፣
ነጭ፣ ወርቃማ ጥልፍ፣…
```

ምንነቱ፣ ጨርቁ፣ ቀለሙና ጥልፉ ገብተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃው ታወቀ። ጨርቅ ሲሆንም «ጨርቅ ብቻ» የሚለው ከሁሉ በፊት ይምጣ ብሎ ለ6ኛዋ ማጽናኛ ጣል አደረገ።

8ኛው ልብስ ሰፊ ነው፤ ጥያቄውን ጭራሽ ሳተው። ቀሚስ የሚቆረጥበትን ርዝመት የተጠየቀ መስሎት፣ መነን ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቁረጥ በፊት ይነከር፣ ከታችም ለእጥፋት ይተረፍ ብሎ በዝርዝር መከረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀበት። እኔ ግን ምክሩን ወድጄዋለሁ፤ ለ6ኛዋ ገዢ ከቀሩት መልሶች ሁሉ የጠቀማት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

9ኛው ላይ ቃላቱ ከረር ማለት ጀመሩ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው የ7ኛውን ርእስ የመጋዘን ቆጠራ ብሎ ጠራው። ቀሚስ፣ መነን፣ ነጭ እያሉ መደርደር ቋንቋውን ማጉደፍ ነው፤ እናታችን ገበያ ሄዳ «ቀሚስ፣ ነጭ፣ ስጠኝ» ትላለች ወይ ብሎ ጠየቀ። 7ኛው በ10ኛው መልስ ተመልሶ መጣና ሰዋስው ጠብቆ ሳይሸጥ የሚቀር ቀሚስ ለአስተማሪው ይላክለት አለ። አስተማሪው በ11ኛው እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው ስለ ርእስ ባይመክር እንደሚሻል ጻፈ። ይህን ሁለቱን ለማስታረቅ የገቡት መልሶች የሚነገር ነገር የላቸውም።

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ግን አስተማሪው በ14ኛው አንድ ቁም ነገር ይዞ ብቅ አለ፤ ቁጣው በርዶለት ሳይሆን ልክ መሆኑን ለማሳየት ብሎ ይመስላል። የአማርኛ ሥርዓት የሚጎዳን ርእሱ ሲረዝም ብቻ ነው አለ። አጭር ከሆነ ስሙ መጨረሻ ቢመጣም እዚያው መጀመሪያው መስመር ላይ ያድራል፦

```
ነጭ የመነን ቀሚስ
ከነጠላ ጋር፣ ለሠርግ
```

የመጀመሪያው መስመር 11 ፊደል ነው፤ ሁለተኛውም ይበቃዋል። ምንም አልተቆረጠም፣ ሲነበብም አማርኛ ነው። የቀረውን፣ በእጅ መጠለፉንና የጥልፉን ቀለም፣ ልብሱን ተጭኖ ለሚገባ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ጻፊለት አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በክሩ ውስጥ የተሻለው ርእስ ይህ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ኩራት ትቼ ማለት ነው።

15ኛው ግን ወዲያው አንድ ጉድለት አገኘበት፤ «የሐበሻ» የሚለው ቃል ወጥቷል። ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው «የሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ነው፤ በርእሱ ውስጥ ከሌለ መፈለጊያው እንዴት ያመጣዋል? ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገዱን ስቶ «ሐበሻ» በየትኛው ሀ ይጻፍ ወደሚለው ሄደ። በ«ሀ» የሚጽፍ ገዢ በ«ሐ» የተጻፈውን አያገኝም የሚል አለ፤ ሁሉንም አጻጻፍ በርእሱ ውስጥ እንደርድር የሚል ተላላም አልጠፋም። አርታኢው በ18ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጽፈው ዘጉት፦ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ርእሱ ላይ፣ ሌሎቹን ዝርዝሩ ውስጥ።

ለ15ኛው ጥያቄ መልስ የሰጠችው ያችው የድረ ገጽ ባለሙያ ናት፤ 19ኛው መልስ ይመስለኛል ከ4ኛው ቀጥሎ መነበብ ያለበት። አንድ ልብስ አንድ ርእስ ብቻ ያለው እየመሰላችሁ ነው የምትጨቃጨቁት አለች። በፎቶው ሥር የሚታየው አንድ ነው፤ ለመፈለጊያ የሚቀርበው በገጹ ውስጥ `<title>` የሚባለው ሌላ ነው፤ በቴሌግራም ሊንኩ ሲላክ ከሥሩ የሚወጣው ደግሞ `og:title` የሚባለው ነው። ብዙዎቹ የሱቅ ሥርዓቶች አንዱን ወስደው በሦስቱም ቦታ ይደግሙታል፤ ለየብቻ መጻፍ ግን ይቻላል። በሱቁ ውስጥ «የሐበሻ ቀሚስ» በሚለው ክፍል ሥር የቆመ ሰው ሃያ ጊዜ «የሐበሻ ቀሚስ» ማንበብ አያስፈልገውም፤ ሁሉም ርእስ በአንድ ቃል ሲጀምር ዓይን የሚለያቸው ነገር ያጣል። እዚያ መነን፣ ሽፎን፣ ፈትል የሚለው ይቅደም። ቴሌግራም ላይ ወይም ጉግል ላይ ግን ሰውየው ከሱቁ ውጭ ነው፤ ምን እንደሆነ ካልተነገረው አይገባም፤ እዚያ «የሐበሻ ቀሚስ» ግንባር ቀደም ይሁን።

ጉግልን ካነሡ አይቀር ብሎ 20ኛው አንድ ነገር ጨመረ። ጉግል ለሸቀጥ ማስታወቂያ እስከ 150 ፊደል ርእስ ይቀበላል፤ ራሱ ግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 70 ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ዋናውን አስቀድሙ ይላል። ቅናሽ፣ ነጻ ማድረሻ የመሳሰለውን በርእስ ውስጥ ማስገባትንም ይከለክላል። ባለሙያዋ ቁጥሩ ለግዕዝ ፊደል እንዳይወሰድ ብላ አጠገቡ ማሳሰቢያ አኖረች፤ ምክሩ ግን ያው ነው።

21ኛዋ ሌላ መንገድ አመላከተች። ፎቶው አጠገቡ እያለ ርእሱ ለምን «ነጭ» ይላል? ነጭነቱን አየሁት አለች። እኔ ያላየሁት የተሰፋ ይሁን በልክ የሚሰፋ፣ የአዋቂ ይሁን የልጅ፣ ነጠላው አብሮ ይምጣ አይምጣ ነው። በእስራኤል ለምትኖር ዘመዷ የገዛችው ቀሚስ በመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የተነሣው፤ ከአጠገቡ የሚያነጻጽሩት ነገር ስላልነበረ የአዋቂ መሰላት። «የልጆች» የሚለው ቃል የተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነበር። በእርሷ አስተያየት ፎቶ የማይናገረው ሁሉ ይቅደም፣ የሚናገረው ይከተል። 22ኛው ደግሞ ወርቃማና ብርማ ጥልፍ በፎቶ ብርሃን አንድ ስለሚመስሉ ቀለም ጨርሶ አይጣል ብሎ ተቃወመ፤ ስልክ ላይ በቀለም የሚፈልግ ሰውም አለ። ሁለቱም አልተሸናነፉም።

2ኛው፣ የቨርጂኒያው ወንድም፣ በ24ኛው ተመልሶ እዚያ ያለ ገዢ በአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነው አለ። 7ኛው ደግሞ ማንም ስለ ቨርጂኒያ አልጠየቀህም አለው። እውነት ነው፣ አልተጠየቀም፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚገዛ ሰው ካላት ለዚያ የተለየ የእንግሊዝኛ ርእስ እንደሚያስፈልጋት መካድ አይቻልም፤ ይህን የተናገረለት ሰው ሳይገኝ አለፈ።

ጠያቂዋ በ26ኛው ተመለሰች። በሱቋ ገጽ ላይ የአስተማሪውን አጭር ርእስ ወስዳ «በልክ የሚሰፋ» የሚለውን ጨምራለች፤ ለቴሌግራም የ7ኛውን ድርደራ ተጠቅማለች። የልጆቹን ሁሉ «የልጆች» በሚል አስጀምራለች፤ ጨርቁን ከተሰፋው ለይታ በሌላ ክፍል አስቀምጣለች። በእጅ የተጠለፈ የሚለውን ከፊት ማንሣቱ ግን አልዋጥ ብሏታል፤ ዋጋውን ከማሽን ጥልፍ የሚለየው እርሱ ነውና ገዢው ሳይገባው ውድ ነው ብሎ ያልፋል ብላ ትሰጋለች። አርታኢው «የእጅ ጥልፍ» ብትለው በስድስት ፊደል እንደሚያልቅ አሳዩአት። አስተማሪው ሰባት ነው፣ ክፍተቱም ይቆጠራል አለ። መልስ የሰጠው የለም።

27ኛው ከሁሉ የቀለለ፣ ከሁሉም የተረሳ ነገር አነሣ። የእናቱ ስልክ ፊደሉ እንዲጎላ ሆኖ ተስተካክሏል፤ በዚያ ላይ ሲከፍተው በአንድ መስመር አሥር ፊደል ያህል ብቻ ገባ፤ «ነጭ የመነን ቀሚስ» ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ለሠርግና ለበዓል ልብስ የሚመርጡት እናቶች ከሆኑ በእነርሱ ስልክ ሞክሪው አላት።

ጠያቂዋ በመጨረሻ ያመጣችው ችግር ሌላ ነበር፤ ርእሱን ብትቀይርም በቴሌግራም ሊንኩን ስትልከው የድሮው ረጅም ርእስ ነው የሚወጣው። ባለሙያዋ ቴሌግራም አንዴ ያየውን አስቀምጦ እንደሚጠቀም ነግራት፣ ሊንኩን ለ@WebpageBot እንድትልክለትና እንዲያድሰው እንድታደርግ መከረቻት። በነጋታው ሠርቷል ብላ ጻፈች፤ ለሁሉም ልብስ አንድ በአንድ መላክ አለብኝ ወይ ብላም ጠየቀች። ባለሙያዋ በብዛት የሚላኩትን ብቻ ላኪ አለቻት።